ራውተሩን በነቀልኩ ቁጥር የጻፍኩት ሰዓት

ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በሚወስደው መንገድ ትንሽ ገባ ብላ የምትገኝ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። አራት ኮምፒውተር፣ ሁለት ፕሪንተርና አንድ ራውተር ናቸው ያሉኝ። ደንበኞቼ አብዛኞቹ ተማሪዎች ናቸው። ፋይላቸውን በቴሌግራም ይልካሉ፣ እኔ አውርጄ አትማለሁ። ኔት ከጠፋ ሰልፉ በር ላይ ይቆምና ቀስ በቀስ ወደ ጎረቤት ይሄዳል።

መንገዱ ሲቆፈር መብራት ቶሎ ቶሎ ይሄድብን ስለነበር መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ ዩፒኤስ ገዛሁ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ለማመን ሁለት ሳምንት ፈጅቶብኛል፤ መብራት አልሄድ ሲል ኔቱ ባሰበት። በፊት ጠዋት ደህና፣ ከሰዓት ደከም ያለ ነበር። አሁን ጭራሽ ገጽ ለመክፈት ደቂቃ መጠበቅ ሆነ። ነቅዬ ስሰካው እንደ አዲስ ይሮጣል፣ ጥቂት ቆይቶ ይመለስበታል። አጠገቤ ቡና የምታፈላው ሴትዮ ሳትቀር ለምዳው ነበር። ደንበኛ ሲያጉረመርም ከሰማች ከጀበናው ቀና ብላ «ነቅለሽ ሰኪው» ትለኛለች።

ኢንተርኔት አቅራቢው ጋ ደጋግሜ ደወልኩ። እነሱም መጀመሪያ የሚሉኝ ያንኑ ነው፤ ነቅለው ይስኩት። ስሰካው ይሻለዋል፣ ስልኩም ይዘጋል፣ ቅሬታዬም እዚያው ያበቃል። ያን ጊዜ ጥፋቱ የእነሱ እንደሆነ ጥርጥር አልነበረኝም።

ከላይ ፎቅ ኔትወርክ የሚዘረጋ ልጅ አለ። አንድ ቀን ፎቶ ኮፒ ሊያስነሳ መጥቶ ገመዱን ልነቅል እጄን ስዘረጋ አየኝና «ይቆዩ እትዬ፣ እሱን ከነቀሉት ማስረጃው አብሮ ይጠፋል» አለኝ። እውነቱን ነው። ብዙ የቤት ራውተሮች የሆነውን ሁሉ የሚመዘግቡት መብራት ሲጠፋ በሚጸዳው ሚሞሪ ላይ ነው። እኔ በየቀኑ ሦስት አራቴ ማስረጃውን በገዛ እጄ ሳጠፋ ኖሬአለሁ ማለት ነው። ልጁ በኮምፒውተሩ ላይ ሁለት ጥቁር መስኮት ከፍቶ እነዚህን ጻፈ።

```
ping -t 192.168.1.1
ping -t 8.8.8.8
```

የመጀመሪያው ራውተሩን ራሱን «አለህ ወይ?» ብሎ እየደጋገመ ይጠይቃል። ሁለተኛው በራውተሩ በኩል አልፎ ውጭ ያለን አድራሻ ይጠይቃል። የራውተሩ አድራሻ ከቤት ቤት ሊለያይ ይችላል፤ ከሥሩ የተለጠፈው ወረቀት ላይ ይገኛል። ኮምፒውተሩ በኬብል የተገናኘ ከሆነ ራውተሩ ከአንድ ሚሊሰከንድ ባነሰ ጊዜ መመለስ አለበት። ራውተሩ ቶሎ እየመለሰ የውጪው ብቻ ከዘገየ ወይም ከጠፋ ችግሩን ከራውተሩ በስተጀርባ፣ ከመስመሩ ጀምሮ መፈለግ ነው። ራሱ ራውተሩ ሲንተባተብ ግን አቅራቢውን መውቀስ ከንቱ ነው። የእኔው ራውተር እጄ ከሚደርስበት ቦታ ሆኖ አንዴ 2፣ አንዴ 340 ሚሊሰከንድ፣ አንዴ ደግሞ `Request timed out` ይል ነበር። አቅራቢው ላይ ያወረድኩትን እርግማን ሁሉ ሳስበው አፈርኩ።

ልጁ አንድ ሥራ ሰጥቶኝ ሄደ፦ በነቀልኩ ቁጥር ሰዓቱን እንድጽፍ፣ ተመልሶ ሲደክም ደግሞ ያንንም። የዱቤ ደብተሬን የኋላ ገጽ ገልብጬ ጀመርኩ። ዛሬ ማንም ሰው «ሪስታርት ሳደርገው ይሻለውና ይመለስበታል» ሲለኝ የምጠይቀው «ከስንት ጊዜ በኋላ?» ብዬ ነው። በሽታውን የሚናገረው ያ ቁጥር ነው።

በሳምንቱ መጨረሻ ደብተሩ ላይ ያለው ነገር ግራ የሚያጋባ ነበር። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ የሰካሁት እስከ 5 ሰዓት ይቆያል። ከሰዓት 8 ሰዓት ላይ የሰካሁት ግን ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ቅዳሜ ማታ ነቅዬ ሰክቼው የሄድኩት ደግሞ እሑድ ቤቱ ተዘግቶ ውሎ፣ ሰው ሳይነካው፣ ሰኞ ጠዋት ፈጣን ባይባልም ይሠራል። አንድ በሽታ እንዲህ አይዘበራረቅም። በኋላ እንደታየው ሦስቱ ተደራርበው ነበር።

የግማሽ ሰዓቱ ሙቀት ነው። ዩፒኤሱን ስገዛ ራውተሩን ቦታው ደስ ስላለኝ እላዩ ላይ አስቀመጥኩት፤ ሁለቱም መስታወት በር ባለው ቡፌ ውስጥ ናቸው። አቧራ እንዳይገባበት ብዬ ደግሞ እናቴ የሠራችውን ዳንቴል ጣል አደረግኩበት። ብዙ ቤት ቴሌቪዥኑም ዲኮደሩም ዳንቴል ለብሰው ስለማይ ክፋቱ አልታየኝም። ራውተር ግን ማራገቢያ የለውም። የሚተነፍሰው በጎንና በሥሩ ባሉት ቀዳዳዎች ነው፤ ሞቃቱ አየር በላይ ሲወጣ ቀዝቃዛው ከሥር ይገባል። እኔ ሥሩን በዩፒኤስ ደፈንኩት፣ ላዩን በዳንቴል ሸፈንኩት፣ ቡፌውን ዘጋሁት። ዩፒኤሱም ባትሪውን ሲሞላ የራሱን ሙቀት ይጨምርበታል።

የክፍል ሙቀት የሚለካ ርካሽ ቴርሞሜትር ከራውተሩ ጎን አስገብቼ ቡፌውን ዘጋሁት። ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ ስከፍተው 46 ዲግሪ ይላል። ውጭ ሰው ሹራብ ለብሶ ይሄዳል! አብዛኛው የቤት ራውተር እንዲሠራ የተነደፈው ዙሪያው ያለው አየር እስከ 40 ዲግሪ ድረስ ሲሆን ነው። እኛ ከተማችን ብርድ ስለሆነ ሙቀት የሌላ አገር ችግር ይመስለናል። ቡፌ ውስጥ ያለው የአየር ጠባይ ግን የአዲስ አበባ አይደለም። ደግሞም ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት። አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ በማራገቢያ የማይታገዝ ዕቃ ቆላ ካለው ዕቃ ይልቅ ሙቀቱን ለማስወጣት ይቸገራል።

የጋለ ራውተር ሁልጊዜ አይጠፋም፤ ቢጠፋማ ቶሎ ይታወቅ ነበር። አንዳንዱ ራሱን ለማዳን ሥራውን ያዘገማል፣ የዋይፋይ ክፍሉ መሳሳት ይጀምርና የላከውን ደግሞ ደጋግሞ ይልካል። ነቅሎ መሰካት ለምን ያሻሽለዋል ካላችሁ፣ ነቅዬ ቡና እስክጠጣ የምቆይባት አምስት ደቂቃ ትንሽ ታቀዘቅዘዋለች። ምልክቱም እዚያ ላይ ነው። ነቅዬ ወዲያው ስሰካው ብዙም አይሻለውም፤ ቡናውን ጠጥቼ ስሰካው ይሻለዋል። ሚሞሪ ቢሆን ኖሮ ነቅሎ ወዲያው መሰካትም ይበቃው ነበር።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ዳንቴሉን አነሳሁ፣ ራውተሩን ከቡፌው አውጥቼ ግድግዳው ላይ በሁለት ብሎን ሰቀልኩት። ከሥሩ ለብሎን የተዘጋጀ ቀዳዳ ነበረው፤ አምስት ዓመት ሙሉ አይቼው አላውቅም። ቀዳዳዎቹን በደረቅ የቀለም ብሩሽ ጠረግኩ። ግድግዳ መብሳት የማትፈልጉ የጠረጴዛ ማራገቢያ አንድ ከሰዓት ሙሉ አዙሩበት፤ በዚያ ቀን ካልደከመ መልሱን አገኛችሁ። ቦታ ስትመርጡለት ከከሰል ምድጃ በላይ ካለ መደርደሪያም አርቁት። እኔ መጀመሪያ የመረጥኩት ቦታ ከቡናዋ ሴትዮ ረከቦት በላይ ነበር፤ ሙቀቱ ብቻ ሳይሆን አመዱም እንደሚገባበት ያሳየችኝ እሷ ናት።

የግማሽ ሰዓቱ ነገር በዚያው ቀረ። ከጠዋት 2 እስከ 5 ሰዓት ያለው ግን አልተነካም። እንዲያውም ግንቦት ገብቶ የመመረቂያ ጽሑፍ ኅትመት ሲደራ ከ5 ሰዓት ወደ 4 ሰዓት ወረደ። ሰው ሲበዛ ዕድሜው ያጥራል።

በዚህኛው ጊዜ አንድ ለየት ያለ ጠባይ አስተዋልኩ። አንዱ ተማሪ በቴሌግራም ድምፅ እያወራ ነው፤ ጥርት ብሎ ይሰማዋል። አጠገቡ ያለችው ደግሞ ኢሜይሏን ልትከፍት ብትል ገጹ ይሽከረከራል እንጂ አይከፈትም። በአንድ ዋይፋይ ላይ አንዱ ይሠራል፣ ሌላው አይሠራም። የመስመር ችግር ቢሆን ሁለቱም እኩል ይጎዱ ነበር።

ላይ ቤት ያለው ልጅ ይህን ስነግረው ሳቀና የቤተ መጻሕፍቱን የቦርሳ ማስቀመጫ ምሳሌ አመጣ። በር ላይ ቦርሳችሁን ትሰጣላችሁ፣ ቁጥር ያለው ካርድ ይሰጣችኋል፣ ስትወጡ በካርዱ ቦርሳችሁን ትወስዳላችሁ። ራውተርም ከውስጥ ለሚወጣው እያንዳንዱ ጥያቄ እንዲሁ ያደርጋል። መልሱ ከውጭ ሲመጣ ለየትኛው ስልክ እንደሚሰጥ የሚያውቀው በመዝገቡ ነው። አንዱን ጥያቄ ከነመልሱ ሴሽን ይሉታል። ካርዱ ደግሞ የተቆጠረ ነው፤ ቁጥሩ በራውተሩ ሚሞሪ ይወሰናል። ካርድ ሲያልቅ ውስጥ ያሉት ማንበባቸውን ይቀጥላሉ፣ አዲስ የመጣው ግን በር ላይ ይቀራል። የስልክ ጥሪው ሲሰማ ኢሜይሉ ያልተከፈተው ለዚህ ነው።

የከፋው ደግሞ ካርዱን ሳይመልስ የሚጠፋው ነው። ተማሪው ዋይፋዩ ላይ እንዳለ ተነሥቶ ወደ ታክሲው ሲሮጥ ስልኩ ግንኙነቶቹን በወጉ አይዘጋም። ራውተሩ ይመለሳል ብሎ ካርዱን ይዞለት ይጠብቃል። ብዙዎቹን ራውተሮች ከውስጥ የሚያሠራቸው ሊኑክስ የሚባል ሥርዓት ነው፤ በሊኑክስ ዘንድ አንድ የተከፈተ ግንኙነት ድምፁ ሳይሰማ ከመዝገብ ሳይሰረዝ የሚቆይበት የመነሻ ጊዜ 432,000 ሰከንድ፣ ማለትም 5 ቀን ነው። አንዳንድ አምራቾች ያሳጥሩታል፣ አንዳንዶች እንዳለ ይተዉታል። ሳንነቅል ባየነው ሎግ፣ ማለትም ራውተሩ የሆነውን ሁሉ በሚመዘግብበት ገጽ ላይ ያገኘነው መስመር ይኸው ነበር፣ ተደጋግሞ ተደጋግሞ፦

```
nf_conntrack: table full, dropping packet
```

መዝገቡ ሞልቷል፣ አዲስ የመጣውን እየጣልኩ ነው፣ ማለቱ ነው። ነቅሎ መሰካት መዝገቡን ባዶ ስለሚያደርገው ለጥቂት ሰዓት ይድናል።

ማን እንደሞላው ለማወቅ የተገናኙት ስልኮችና ኮምፒውተሮች ዝርዝር ያለበትን ገጽ ከፈትን። 38 ነበሩ፤ ቤቱ ውስጥ የቆመው ሰው ግን አሥር አይሞላም። የዋይፋዩ የይለፍ ቃል ከሁለት ዓመት በፊት ግድግዳ ላይ የለጠፍኩት ስለሆነ ያለፈ ያገደመው ሁሉ ያውቀዋል። የሁሉም ራስ ግን ሌላ ቦታ ተገኘ፤ ከራሴ አራት ኮምፒውተሮች በአንዱ ላይ ለጊዜው የቀጠርኩት ልጅ ቶረንት ጭኖ ኖሯል። ቶረንት አንድን ፊልም ከመቶዎች ሰዎች በአንድ ጊዜ ስለሚያወርድ ለብቻው መቶዎችን፣ አንዳንዴም ሺዎችን ካርድ ይወስዳል። ማውረዱ ቀርፋፋ ቢሆንም ካርዱን መያዙ አይቀርም። እኔ ፕሮግራሙን እንዳጠፋሁት ሌላው ሰው ማጥፋት የለበትም፤ በፕሮግራሙ ውስጥ ጠቅላላውን የግንኙነት ብዛት ወደ 100 ዝቅ ማድረግ በቂ ነው።

የዋይፋዩን ቃል ቀየርኩ፣ ለደንበኞች የእንግዳ ዋይፋይ ለብቻው ከፈትኩ፣ ቃሉን ደግሞ በየሰኞው እቀይራለሁ። የእንግዳው ዋይፋይም ከዚያው መዝገብ እንደሚጠቀም ልብ በሉ፤ ጥቅሙ የእኔን ኮምፒውተሮች የሚያገናኘውን ቃል ሳልነካ የውጪውን ሰው መቀነስ መቻሌ ብቻ ነው። ኅትመት በደራበት ቀን እንኳ ከዚያ ወዲህ ያ መስመር ሎጉ ላይ አልታየም።

ዳነ ብዬ ዝም አልኩ። በስድስተኛው ቀን፣ ጠዋት ገና በሩን ስከፍት፣ ማንም ሳይገባ ራውተሩ ተጎተተ። ሙቀት አይደለም፣ ማለዳ ነው። ሰው አይደለም፣ እኔ ብቻ ነኝ። የራሱ የራውተሩ ማስተካከያ ገጽ ለመከፈት ግማሽ ደቂቃ ፈጀበት። ነቀልኩት፣ ዳነ፤ ከስድስት ቀን በኋላ እንደገና።

የእኔ ራውተር የሁኔታ ገጹ ላይ ያልተያዘውን ሚሞሪ ያሳያል። ጠቅላላው 64 ሜጋባይት ነው፤ በዛሬ ስልክ ልኬት እዚህ ግባ አይባልም፣ ለራውተር ግን የተለመደ ነው። በየጠዋቱ ደንበኛ ሳይገባ ማየትና መጻፍ ጀመርኩ። ከተሰካ በማግሥቱ 22 ሜጋባይት ነጻ ነበር። ከዚያ 19፣ ከዚያ 15፣ ከዚያ 12 እያለ ወረደ። በጠዋቱ ተመሳሳይ ሰዓት፣ ተመሳሳይ ጸጥታ ላይ የሚለካ ነገር በየቀኑ መቀነስ የለበትም። ሰው የሚሞላው መዝገብ ቢሆን ያ መስመር ሎጉ ላይ ይመለስ ነበር። ይኸኛው ግን ፈርምዌሩ፣ ማለትም ራውተሩን የሚያሠራው ሶፍትዌር ውስጥ ያለ ጉድለት ነው፤ አንዱ ፕሮግራም ሚሞሪ ይወስድና ሥራውን ሲጨርስ አይመልስም። ፍሳሹ ጥቂት ስለሆነ በቀን አይታይም፣ በሳምንት ግን ያንቃል።

ፍሳሹ ከዩፒኤሱ በፊት ለምን እንዳልታየኝ የገባኝ እዚህ ላይ ነው። በፊት በሁለት በሦስት ቀኑ መብራት ሲሄድ ራውተሩ በግዱ ሪስታርት ይሆን ነበር። ፍሳሹ ሞልቶ የሚያንቅበት ዕድሜ አያገኝም። መብራት ኃይል ሳያውቀው ራውተሬን ሲያክምልኝ ኖሯል።

ገጹ ላይ ያለው የፈርምዌር ቀን 2017 ይላል። አምራቹ ድረ ገጽ ላይ ለዚሁ ሞዴል ከዚያ በኋላ የወጡ ሁለት ስሪቶች ነበሩ፤ በአንደኛው ማብራሪያ ላይ የሚሞሪ ፍሳሽ እንደተስተካከለ በግልጽ ተጽፏል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ሰው ራውተሩን ወደ ድንጋይ የሚቀይረው በዚህ ሥራ ነው። የሞዴሉ ስም ብቻ አይበቃም። ከራውተሩ ሥር ባለው ወረቀት ላይ `Ver: 2.0` ዓይነት ቁጥር አለ። ያው ስም ያለው `Ver: 3.0` ውስጡ ሌላ ሊሆን ስለሚችል ፋይሉ ከዚህ ቁጥር ጋር መገጠም አለበት። እኔ መጀመሪያ ያወረድኩት ለ3.0 ነበር፤ ራውተሩ ራሱ አልቀበልም ብሎ አተረፈኝ። ሁሉም ግን እንዲህ አይጠነቀቅም።

ከመጀመሬ በፊት የማስተካከያ ገጾቹን በሙሉ በስልኬ ፎቶ አነሳሁ፣ በተለይ ከአቅራቢው የተሰጠኝን የመግቢያ ስምና ቃል። አዲሱ ፈርምዌር አንዳንዴ ሁሉንም ያጠፋዋል፤ ቃሉን ያልያዘ ሰው ቀኑን ሙሉ ያለ ኔት ይውላል። ፋይሉ ዚፕ ሆኖ ስለሚመጣ ፈትቼ ውስጡ ያለውን `.bin` አወጣሁ። ኮምፒውተሩን በኬብል አገናኘሁት፣ በዋይፋይ አይሞከርም፤ መሃል ላይ ከተቋረጠ አለቀ። ራውተሩም ኮምፒውተሩም ዩፒኤስ ላይ ሆነው ከሥራ በኋላ ማታ `Firmware Upgrade` የሚለውን ተጫንኩ። ሦስት ደቂቃ ያህል ፈጀ፣ መብራቶቹ ጠፍተው በሩ፣ ልቤ መሬት ወረደች፣ ተመለሰ። በማግሥቱ 24 ሜጋባይት ነጻ፤ በአሥረኛውም ቀን 23።

ይህ ሁሉ በገዛ ገንዘባችሁ ስለገዛችሁት ራውተር ነው። አቅራቢው የሰጣችሁን ሣጥን ፈርምዌር የሚቀይረው በአብዛኛው አቅራቢው ራሱ ከሩቅ ስለሆነ ከኢንተርኔት ያገኛችሁትን ፋይል አትጫኑበት። እሱ ሲፈስ የምትችሉት ከጠዋት ጠዋት የጻፋችሁትን ይዛችሁ እንዲቀይሩት መጠየቅ ነው።

ለአሮጌ ራውተር አዲስ ስሪት የማይወጣበትም ጊዜ አለ። ፒያሳ ያለችው እህቴ ቤት ያለው እንደዚያ ነው። ለእሷ ያደረግነው ራውተሩ በሳምንት ሁለቴ ሌሊት ራሱን ሪስታርት እንዲያደርግ መሙላት ነበር፤ ብዙ ራውተሮች ይህ አላቸው። መጀመሪያ ግን ሥራ መሃል፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ጠፋባት። ሌሊት 9 ሰዓት ብለን በፈረንጅ አቆጣጠር 15 ሰዓት ሞልተን ኖሯል፤ የእኛ ሌሊት 9 ሰዓት ለራውተሩ `03:00` ነው። የሰዓት ክልሉንም `GMT+03:00` ላይ አድርጉት። ሎጉ ላይ ቀኑ 1970 የሚል ከሆነ ራውተሩ ሰዓቱን ከኢንተርኔት አላገኘም ማለት ነው፤ እሱ ሳይስተካከል ቀጠሮው አይሠራም።

የእኔው አሁን ሳይነቀል 47 ቀን ሆኖታል። ባለፈው ሳምንት ኔቱ ድንገት ጸጥ አለ፤ ቡናዋ ሴትዮ እንደ ልማዷ «ነቅለሽ ሰኪው» አለች። አልነቀልኩም። ሁለቱን መስኮት ከፈትኩ፤ ራውተሩ ከአንድ ሚሊሰከንድ ባነሰ ይመልሳል፣ `8.8.8.8` ጭራሽ የለም። አቅራቢው ጋ ደውዬ ነቅለው ይስኩት ሲሉኝ ያየሁትን ነገርኳቸው። ከሰዓት ሁለት ሠራተኞች መሰላል ይዘው መጡ። ቆፋሪ የበጠሰውን ኬብል ያገኙት ከበሬ ሃምሳ ሜትር ርቆ ነው።